«ምን ሆነሽ ነው?» እና «ምን ከለከለሽ?»

ለአንደኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ስለ አካል ጉዳተኝነት የተደረገ ንግግር

ዛሬ የተጠራሁት ስለ ሕክምናዊው እና ስለ ማኅበራዊው ሞዴል እንድናገር ነው። ከትርጓሜ አልጀምርም። ከዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ካነበብኩት ጽሑፍ ልጀምር። «መስማት የተሳናት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አላከበረችም። ምክር ያስፈልጋታል።»

ምክሩን እንድሰጥ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ወደ ቤቷ ስሄድ የምናገረውን በሙሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የቅድመ ወሊድ ክትትል ለእናትም ለፅንሱም የሚሰጠውን ጥቅም፣ የደም ግፊት በጊዜው ካልተለካ የሚያመጣውን አደጋ፣ ሌላም ሌላም። ያዘጋጀሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ለእርሷ ግን አንዱም አላስፈለጋትም። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ በእጅ ምልክት የመጣሁበትን ጉዳይ ስታስረዳት፣ ሴትየዋ ተነሥታ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፌስታል አወረደችና የቀጠሮ ካርዷን አሳየችኝ። ከዚያ በጣቷ ሁለቱን ቀኖች እየነካች ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገች። ሁለቱንም ቀን ሄዳለች።

የሆነው እንዲህ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደርሳ ካርዷን በመስኮት አስገብታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ስም ትጠራለች፤ የተጠራው ይገባል። ሴትየዋ በሩን ትኩር ብላ ታያለች። የነርሷ አፍ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ የተጠራው የእርሷ ስም ይሁን የሌላ ሰው አታውቅም። አንድ ጊዜ በግምት ተነሣች፤ የሌላ ሴት ተራ ስለነበረ በእጅ ምልክት «ተቀመጪ» ተባለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። ምሳ ሰዓት ሆኖ ክፍሉ ሲቆለፍ ወደ ቤቷ ሄደች። በሁለተኛው ቀጠሮም ያው ሆነ። በመዝገቡ ላይ «ስትጠራ አልተገኘችም» ተብሎ ሲጻፍባት ከበሩ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ ነበር።

አሁን ልጠይቃችሁ። ችግሩ ያለው የት ነው?

አንዱ መልስ «ጆሮዋ ላይ ነው» ይላል። ይህን መልስ የያዘ ባለሙያ ቀጥሎ የሚሠራውም የታወቀ ነው። መቼ መስማት እንዳቆመች ይጠይቃል፣ ለጆሮ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይልካታል፣ የመስማት መጠኗ እንዲለካ፣ የሚረዳት ከሆነም የማዳመጫ መሣሪያ እንዲገኝላት ይጽፋል። መሣሪያው ካልረዳት ወይም ካልተገኘ «ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል፤ አለዚያም «ከአሁን በኋላ ቤተሰብ ይዛ ትምጣ» ብሎ ያዛል። ሕክምናዊ ሞዴል የምንለው ይህን አካሄድ ነው። ችግሩ ሰውየው አካል ውስጥ አለ፤ መፍትሔውም አካሉን መጠገን ነው፤ መጠገን ካልተቻለ ሰውየው ሁኔታውን ተቀብሎ ይኑር።

ሌላው መልስ «አጠራሩ ላይ ነው» ይላል። ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያው ነው፤ ቤቷ ውስጥ ምግብ ታበስላለች፣ ገበያ ሄዳ ዋጋ ተከራክራ ትገዛለች፣ በዚያ ሁሉ ጆሮዋ አልከለከላትም። የተከለከለችው አንድ ተቋም ተራን በድምፅ ብቻ ለማሳወቅ በወሰነበት በር ላይ ነው። ይህ ማኅበራዊው ሞዴል ነው። በአንድ በኩል ጉዳት አለ፤ በሌላ በኩል ጉዳት ያለበትን ሰው ሳያስብ የተሠራ በር፣ ቅጽ፣ ደረጃ፣ ደንብ ወይም ልማድ አለ። ሰውን ከኑሮ የሚያግደው ይህ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ትንሽ ያስቸግረናል። «አካል ጉዳተኝነት» ስንል ሁለቱንም ነገር በአንድ ቃል እናጠቃልላለን፤ በአካል ወይም በስሜት ሕዋስ ላይ ያለውንም ጉዳት፣ ያ ጉዳት ያለበት ሰው የሚደርስበትንም መገለል። ቃሉ ደግሞ «አካል» ብሎ ስለሚጀምር ዐይናችንን ሳናውቀው ወደ ሰውየው አካል ይመልሰዋል። ስለዚህ ለዛሬው ንግግር ያህል ሁለት ቃላት እለያለሁ፤ በሰውየው ላይ ያለውን «ጉዳት» እለዋለሁ፣ ከውጭ የሚመጣበትን «ክልከላ» እለዋለሁ። ማኅበራዊው ሞዴል ጉዳት የለም አይልም። የሚለው ክልከላው የጉዳቱ የግድ ውጤት አይደለም ነው።

ይህን በራሳችሁ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። ለፈተና በምታጠኑበት ሌሊት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መብራት ጠፋ እንበል። ሁላችሁም መጽሐፋችሁን ትከድናላችሁ። ከመካከላችሁ ማንበቡን የሚቀጥለው በብሬል የሚያነበው ዐይነ ስውር ጓደኛችሁ ብቻ ነው። የእናንተ ዐይን በዚያች ደቂቃ አልተበላሸም፤ የእርሱም አልበራም። የተለወጠው ክፍሉ ነው። ለእናንተ ሲባል በየጣሪያው አምፖል ተሰቅሏል፣ በየወሩም የመብራት ሒሳብ ይከፈላል፤ ይህን ወጪ «ልዩ ድጋፍ» ብሎ የሚጠራው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ልዩ ድጋፍ የሚባለው የብሬል ወረቀቱ ነው።

እነዚህ ሐሳቦች የመጡት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1972 ፖል ሃንት የተባለ እንግሊዛዊ ለጋርዲያን ጋዜጣ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ሃንት በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ፣ አካል ጉዳተኞች በሚኖሩበት ተቋም ውስጥ ለዓመታት የኖረ ሰው ነበር። ደብዳቤው በየተቋሙ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው እንዲናገሩ የሚሰባሰቡበትን ማኅበር እንዲመሠርቱ የሚጠራ ነበር። ከዚያ ጥሪ የተወለደው ማኅበር አባል ከሆኑት አንዱ ቪክ ፊንከልስታይን ነው። ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ አፓርታይድን በመቃወሙ ታስሮ ከዚያም ወደ ብሪታንያ የተሰደደ። ሰውን ከበር የሚመልስ ሥርዓት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው በሌላ መልኩም ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ዛሬም የምንሠራበትን ልዩነት በግልጽ አስቀመጠ፤ ጉዳት አንድ ነገር ነው፣ በጉዳቱ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ኅብረተሰቡ የሚጭነው ክልከላ ሌላ ነገር ነው።

«ማኅበራዊ ሞዴል» የሚለውን ስም ያወጣው ማይክ ኦሊቨር ነው፤ ለእናንተ የምነግራችሁ በተለይ ስለዚህ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962፣ ገና በወጣትነቱ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ዘሎ ሲገባ አንገቱ ተሰብሮ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ኖሯል። በኋላ የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር፤ ሁለቱን ሞዴሎች በስም ለይቶ ያቀረባቸውም እ.ኤ.አ. በ1983 ለሶሻል ወርክ ባለሙያዎች በጻፈው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ይህ ሐሳብ ከሌላ የሙያ ዘርፍ ተውሳችሁ የምታጠኑት አይደለም፤ ከመነሻው የተጻፈው ለእናንተ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ኦሊቨር የመጀመሪያውን ሞዴል የጠራው «ግላዊ» ብሎ ነው፤ ሕክምናው የዚያ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ሕክምናዊ» ስንል ጥፋቱ የሐኪሞች ብቻ ይመስለናል። ነጭ ጋዋን ሳይለብሱ፣ ቅጽና ብዕር ብቻ ይዘው፣ ችግሩን ሁሉ ተገልጋዩ ላይ የሚያስቀምጡ መምህራንና የሶሻል ወርክ ባለሙያዎች አሉ። ወደዚያች ሴት ቤት የሄድኩት እኔ አንዱ ነበርኩ።

ኦሊቨር ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ለሥራዬ የጠቀመኝ አንድ ትንሽ ልምምድ ነው። የብሪታንያ የሕዝብ ቆጠራና ጥናት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አካል ጉዳተኞችን ቤት ለቤት የሚጠይቅበት መጠይቅ ነበረው። ኦሊቨር ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ገልብጦ ጻፋቸው። መጠይቁ «ዕቃ ለመያዝ፣ ለመጨበጥ ወይም ለመጠምዘዝ የሚያስቸግርዎ የትኛው የጤና እክል ነው?» ይላል። እርሱ «ማሰሮው፣ ጠርሙሱና ቆርቆሮው እንዴት ቢሠራ ነው ለመያዝና ለመክፈት ያስቸገረዎ?» ብሎ ጠየቀ። መጠይቁ «በጤናዎ ምክንያት ከሚረዳዎ ዘመድ ጋር ለመኖር ተገደዋል ወይ?» ሲል፣ እርሱ «በአካባቢዎ ያለው አገልግሎት ደካማ ስለሆነ ነው ዘመድ ላይ ለመመካት የተገደዱት?» አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች ለአንድ ሰው፣ ስለ አንድ ኑሮ የሚቀርቡ ናቸው። መልሱ ግን ወደተለያየ መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

ኦሊቨር ያነሣው ሌላ ነጥብም አለ። ጠያቂው የመንግሥት ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ ተጠያቂው ብቻውን ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሃያ ጥያቄ በተከታታይ «ምን ጎደለዎ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ጠያቂው ሲወጣ ችግሩ ሁሉ የራሱ እንደሆነ አምኖ ይቀራል። ቃለ መጠይቅ መረጃ ብቻ አይሰበስብም፤ ሰውየው ስለ ራሱ የሚያስበውንም ይለውጣል።

የእኛን ቅጾች እዩ። ብዙዎቹ የቅበላ ቅጾች «የጉዳቱ ዓይነት»፣ «የጉዳቱ መንስኤ»፣ «ጉዳቱ የደረሰበት ጊዜ» ብለው ይጀምሩና ወደ ታች ሲወርዱ «ሥራ መሥራት ይችላል / አይችልም» የሚል ሣጥን አላቸው። የትኛውን ሥራ? በየትኛው ሕንፃ? ስንት ደረጃ ተወጥቶ? በምን ትራንስፖርት ተደርሶ? ሣጥኑ ይህን አይጠይቅም። እኔ ሣጥኑን ባዶ ትቼ ከሥሩ በብዕር መጻፍ ተምሬአለሁ፤ «የልብስ ስፌት ባለሙያ ነች፤ የምትሠራበት ቤት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስለተዛወረ ሥራ አቁማለች» ብዬ። «አይችልም» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት የተደረገለት ፋይል ወደ እርዳታ ክፍል ይላካል። ይህኛው ፋይል ግን ወደ አሠሪዋ ይልካችኋል።

የጥያቄ አቀራረብ በአገር ደረጃም ቁጥር ይለውጣል። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራችን ያገኘው የአካል ጉዳተኞች ብዛት ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ ከመቶ ከ17 በላይ አስፍሯል። በመካከሉ አሥራ ሰባት እጥፍ ሰው አልተጎዳም፤ የተለያየው አጠያየቁ ነው። በቤተሰብ ፊት «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ አባት ስለ ሰው ዐይን እያሰበ «የለም» ሊል ይችላል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ «አካል ጉዳተኛ» የሚለውን ቃል ጨርሶ አያነሣም። ስድስት ነገር ይጠይቃል፤ ማየት፣ መስማት፣ መራመድና ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስና ትኩረት ማድረግ፣ ራስን መንከባከብ፣ ሐሳብን መግለጽና መረዳት። ለእያንዳንዱ ችግር የለም፣ ጥቂት ችግር አለ፣ ብዙ ችግር አለ፣ ጨርሶ አልችልም የሚሉ አራት መልሶች አሉት። አያቱ ደረጃ መውጣት እንደሚቸግራቸው መናገር ማንንም አያሳፍርም።

ወደ ነፍሰ ጡሯ ልመለስ። ያደረግነው ነገር በጣም ቀላል ነበር። ካርቶን ቆርጠን ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ጻፍንበት። ሰው ካርዱን ሲያስገባ ቁጥር ይቀበላል፤ ነርሷ ስም ከመጥራት ጋር የቁጥሩን ካርቶን በበሩ ከፍ አድርጋ ታሳያለች። አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ማርከር ነው ያወጣነው። አማርኛ የማይሰሙ እናቶችም፣ የሚያለቅስ ሕፃን የያዙትም፣ ጆሯቸው የደከመ አረጋውያንም ተጠቀሙበት።

ለምን ስም ሳይሆን ቁጥር? ይህን ጥያቄ ልብ በሉት፤ በጎ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ ያሰብነው ስሟን በወረቀት ጽፈን ማሳየት፣ የክትትሉንም ምክር በጽሑፍ መስጠት ነበር። ሴትየዋ ግን ትምህርት ቤት የቆየችው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዞሮ ሲናገር ምንም ስላልደረሳት አቋርጣለች። ቁጥር የምታውቀው ከብርና ከስልክ ነው። መስማት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ ሁልጊዜ መፍትሔ ይመስለናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ላልሰማ ሰው ግን የተጻፈው አማርኛ ራሱ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያው የምልክት ቋንቋ ነው፣ እርሱንም ካገኘ። በጽሑፍ የተሞላ ወረቀት የሰጣችሁትና ራሱን ነቅንቆ የተቀበላችሁ ሰው ተረድቷል ብላችሁ አትደምድሙ። «ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁና ራሷ ታሳያችሁ።

ቁጥሩ እስከ በሩ ነው የሚያደርሰው። ከበሩ በኋላ ያለውን ግን አላሰብኩበትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን እህቷ አብራ ገብታ አስተረጎመች። አዋላጅ ነርሷ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ሽንት ምርመራው ነገረቻት፤ ከዚያ በቅድመ ወሊድ ክትትል እንደተለመደው ወደ ኤች አይ ቪ ምርመራው መጣች። ሴትየዋ የእህቷን ትከሻ በቀስታ ወደ በሩ ገፋችው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሌላው እናት ሁሉ ብቻውን የሚሰማውን ውጤት እርሷ የምትሰማው ሁለተኛ ሆና ነው፤ መጀመሪያ እህቷ ትሰማለች። ስለ ባሏ፣ ስለ ቀድሞ ሕይወቷ የሚጠየቀውም እንዲሁ። «ቤተሰብ ይዛ ትምጣ» የሚለው ትእዛዝ ደግነት ይመስላል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያለውን ምሥጢሩን የመጠበቅ መብት ግን ከእርሷ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ቀን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲገኝ ተደራደርን፤ መስማት የተሳናቸው የአካባቢው እናቶች ቀጠሮ በሙሉ በዚያ ቀን ሆነ። አንዲት አዋላጅ ደግሞ በራሷ ፈቃድ ሃያ ያህል ምልክቶች ተማረች፤ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ እብጠት፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም፣ ከመቼ ጀምሮ። የእርግዝና አደጋ ምልክቶችን ለመጠየቅ ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

የማኅበራዊው ሞዴል ሥራ እንዲህ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ነው። ዝርዝሩ ሲቀር ሞዴሉ ሲሚንቶ ብቻ ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዘዘ፤ ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ በር ራምፕ ሲሠራ አይተናል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩት። በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት። በሩ ላይ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች ካሉ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ራምፑ 7 ሜትር ከ20 ሊረዝም ይገባል። እኔ የለካሁት አንዱ 2 ሜትር ነበር። በእንዲህ ያለ አቀበት ላይ ብቻውን የሚወጣ ሰው ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጥበታል፤ ስለዚህ ሁለት ጥበቃ ተጠርቶ ይገፋዋል። በሪፖርቱ ላይ ግን ሕንፃው «ተደራሽ» ነው። ከራምፑ አናት ላይ ያለው በር ደግሞ ሲከፈት 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ክፍት ከሆነ ብዙ ተሽከርካሪ ወንበሮች አያልፉበትም፤ ቢያንስ 80 ያስፈልጋል፣ 90 ቢሆን ይመረጣል። በሩን ስትለኩ ከመቃን እስከ መቃን አትለኩ፤ ከፍታችሁ የቀረውን ክፍተት ለኩ። ሜትር ከሌላችሁ አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል፤ «በዚህ ብቻውን ወጥቶ የገባ ሰው አለ?»

እስካሁን ለማኅበራዊው ሞዴል ስሟገት ሰምታችኋል፤ አምንበታለሁም። ነገር ግን በዚህ ሞዴል ፍቅር ተይዞ ተገልጋዩን ሊያጣ የተቃረበ ወጣት ባለሙያ አውቃለሁ። ተገልጋዩ በመኪና አደጋ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰበት፣ ከወገቡ በታች የማይሰማው ጎልማሳ ነበር። ባለሙያው ስለ ደረጃው፣ ስለ ታክሲ ረዳቶች፣ ለወንበሩ ተጨማሪ ሒሳብ ስለሚጠይቁበት ሁኔታ፣ ስለ ሥራ ቦታው በደንብ ጠይቆ በደንብ ጽፏል። ስለ ቆዳው አልጠየቀም። የማይሰማው ሰው ለሰዓታት በአንድ ጎን ሲቀመጥ ሥጋው እየተጫነ ደም አይደርሰውም፤ ሳያመው ይቆስላል። ቁስሉ እስከ አጥንት ሊደርስ፣ ተመርዞም ሊገድል ይችላል። ትክክለኛ መቀመጫ ትራስ፣ በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫ ከፍ ማለት፣ በየቀኑ ቆዳን በመስታወት ማየት ያስፈልጋል። ይህን ቁስል የትኛውም ራምፕ አያድነውም። ጎልማሳው ሆስፒታል ሲገባ ቁስሉ የሳምንታት ዕድሜ ነበረው።

ይህን ክፍተት ቀድመው ያነሡት ከእንቅስቃሴው ውስጥ የነበሩ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጄኒ ሞሪስ እና ሊዝ ክሮው የተባሉ ብሪታንያውያን አካል ጉዳተኞች፣ ሕመምና ድካምም የሕይወታችን እውነት ናቸው፣ ስለ ክልከላ ብቻ ስናወራ ስለ አካላችን መናገር አፈርን ብለው ጻፉ። ልክ ነበሩ። ኦሊቨርም ቢሆን ሞዴሉን ሁሉን የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አድርጎ እንዳላቀረበው፣ የሥራ መሣሪያ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

ሕክምናው በጊዜው ሲገኝ ምን እንደሚያደርግም እወቁ። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ቢጀመርለት፣ እግሩ በየሳምንቱ ቀስ እያለ እየተቃና በጄሶ ይታሰራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ሕፃናት ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቅላቸዋል። ከዚያ ሁለቱን እግሮች በብረት የሚያገናኝ ልዩ ጫማ ለሦስት ወር ሌትና ቀን ማለት ይቻላል፣ ቀጥሎም እስከ አራት ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት ይለብሳል። በዚህ ልጅ ላይ «እግሩ እንዳለ ይሁን፣ ዓለም ይለወጥ» የሚል ባለሙያ በደል ይሠራል። ሆኖም ሕክምናው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጫማው ሲተው ነው፤ ጫማውን የሚያስተወው ደግሞ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ልጁ ሲያለቅስ የምትነቃው እናት ድካም፣ «ልጁን በብረት አሰራችሁት» የሚል ጎረቤት ነው። ጄሶውን የሚያስረው የጤና ባለሙያው ነው። በየሳምንቱ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ ሒሳብ የእናንተ ጉዳይ ነው።

በእኛ አገር ከሁለቱም ሞዴሎች በፊት የነበረ ሦስተኛ መልስ እንዳለም አትርሱ፤ ርግማን ነው፣ የኃጢአት ዋጋ ነው፣ ቁጣ ነው የሚለው። ልጇ አንገቱን መደገፍ ያቃተውን እናት፣ በወሊድ ጊዜ አንጎሉ አየር አጥሮት ሊሆን እንደሚችል ሐኪም ሲነግራት ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ልቅሶዋ የእፎይታ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ «ምን በድዬ ነው?» እያለች ራሷን ስትመረምር ኖራለች። ልጁን በጓዳ ያቆየችውም ለዚህ ነው። ለእርሷ ሕክምናዊው ማብራሪያ የመጀመሪያው ነፃነት ነው። ማኅበራዊው ሞዴል ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ልጁ ከጓዳ ከወጣ በኋላ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀበለው ሲጠየቅ።

ሕጎቻችን ሁለቱን አገናኝተው ነው የሚናገሩት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን ሲተረጉም በጉዳቱ ብቻ አይቆምም፤ ጉዳቱን ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር አያይዞ፣ በዚያ ምክንያት የእኩል ሥራ ዕድሉ የተቀነሰበትን ሰው ይላል። በ2002 ዓ.ም. ያጸደቅነው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ጉዳቱ ከመሰናክሎች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውን ነው የሚመለከተው። ቀጣሪ ፊት ስትቆሙ ይህን ትርጉም ይዛችሁ ቁሙ፤ «ልጅቷ ዐይነ ስውር ስለሆነች ሥራውን አትችልም» ለሚላችሁ፣ ሕጉ መድልዎውንም በትርጉሙ ውስጥ እንዳስገባው ልታሳዩት ትችላላችሁ።

ነፍሰ ጡሯ ወለደች። ምጡ የመጣባት ሌሊት ስለነበረ አስተርጓሚው የለም፤ ሃያዎቹን ምልክቶች የምታውቀው አዋላጅም ተረኛ አልነበረችም። የቁጥር ካርቶን በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ለምንም አይጠቅምም። «ግፊ» እና «ቆዪ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለመንገር እህቷን ከኮሪደር መጥራት ግድ ሆነ። ልጁ በጤና ተወለደ። ከታጠበ በኋላ አንዲት ሠራተኛ ከጆሮው አጠገብ አጨበጨበች፤ እናቱ ከአልጋዋ ሆና አየቻት።

በማግስቱ ልጠይቃት ሄድኩ። መዝገቧን አስወጥቼ ከአሮጌው ጽሑፍ ሥር «ሁለቱንም ቀጠሮ ተገኝታ ነበር፤ አጠራሩ አልደረሳትም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ለእህቷ በምልክት አንድ ነገር ነገረቻትና እህቷ ወደ እኔ ዞረች። «በአርባ አምስት ቀኑ ለክትባት ስንመጣ እዚያም ክፍል ቁጥር አለ ወይ? ትልሃለች» አለችኝ።

ወርጄ አየሁ። የክትባቱ ክፍል የሚጠራው በስም ነበር።